ጠረጴዛ ላይ ያደረ ሥጋ ተመልሶ ፍሪዘር ይገባል?

የሁዳዴ ጾም 55 ቀኑን ጨርሶ ፋሲካ ሲመጣ፣ ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰባሰቡ ቤተሰቦች በጋራ በሬ ገዝተው ቅርጫ ይገባሉ። በሬው ይታረዳል፣ ይበለታል፣ ከዚያም እያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም ከጎድኑም ከሻኛውም ከጉበቱም እንዲደርሰው ተደርጎ ይከፋፈላል። ዕጣ ይወጣና ሁሉም የደረሰውን በፌስታል ወይም በሳፋ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ጥሬው፣ ጥብሱና ዱለቱ በዚያው ቀን ይበላል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቤተሰብ በሁለት በሦስት ቀን የማይጨርሰው ብዙ ኪሎ ሥጋ ይተርፋል። ድሮ የሚተርፈው ቋንጣ ይሆን ነበር። ዛሬ ፍሪዘር ያለው ቤት አብዛኛውን ወደዚያ ይከታል።

ጥያቄው የሚነሳው ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ለጥብስ ሁለት ኪሎ ያስፈልጋል፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ግን አንድ ላይ ድንጋይ የሆነ ጓል ነው። ጓሉ ማታ ይወጣል፣ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ከላይ ለስልሶ ይገኛል። የሚፈለገው ተቆርጦ ይወሰድና የተረፈው በእጅ ተይዞ ይታያል። ይህ ሥጋ ተመልሶ ፍሪዘር ይገባል ወይስ አይገባም?

መልሱ የሚወሰነው ሥጋው በቀለጠበት ቦታና በቆየበት ሰዓት ነው። ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ሥጋ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ያደረ ግን አይገባም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለቤት እመቤቶች የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ስለ ምግብ ደህንነት ባወጣቸው አምስት ዋና ዋና ምክሮች ውስጥ የበረደ ምግብ በክፍል ሙቀት አይቅለጥ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመልሰው አንድ ነው፦ «በረዶ እኮ ጀርም ይገድላል!»

አባባሉ ሙሉ በሙሉ ውሸት ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ዕድሜ ባልኖረው ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ኮሶ የሚያመጣው ትል፣ በበሬ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ጥቃቅን ከረጢት ሆኖ ነው። ይህን ከረጢት ብርድ ይገድለዋል። በሥጋ ምርመራ ላይ ጥቂት ከረጢት የተገኘበት ሥጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ቦታ ቢያንስ 10 ቀን እንዲቆይ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ኮሶን የፈራ ሰው ሥጋውን አብርዶ መብላቱ እንግዲህ ምክንያት አለው።

ባክቴሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳልሞኔላ፣ ኢ. ኮላይና ስታፊሎኮከስ የሚባሉት የሆድ ሕመም አምጪዎች ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መራባታቸውን ያቆማሉ፤ የተወሰኑት ይሞታሉ፤ የቀሩት ባሉበት ይቆማሉ። ሥጋው ሲቀልጥ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ስለዚህ ፍሪዘር ለባክቴሪያ እንደ ቆመ ሰዓት ነው፤ ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ የቆጠረውን ይዞ ይጠብቃል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሌሊት የተራባው ባክቴሪያ ሥጋው ፍሪዘር ሲመለስ አይጠፋም። እዚያው ሆኖ ሁለተኛውን መቅለጥ ይጠብቃል፣ ያኔም የሚነሳው ከፊተኛው ብዙ እጥፍ ከሆነ ቁጥር ነው።

አሁን ያን ጓል ከምሽት እስከ ጠዋት እንከተለው። ክብደቱ 3 ኪሎ ነው እንበል፤ ከቅርጫ እንደመጣ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ የበረደ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማድ ቤት ተቀመጠ። ከፍሪዘር ሲወጣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነበር። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ላይ ላዩ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ላስቲኩ ጤዛ ያወጣል፤ ነገር ግን በጣት ሲጫኑት ገና ድንጋይ ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሥጋ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ በረዶን ወደ ውሃ መለወጥ ደግሞ ብዙ ሙቀት ይበላል። ያ ሙቀት ወደ መሃል የሚደርሰው ቀድሞ የቀለጠውን የላይኛውን ክፍል አልፎ ነው። በረዶ ሙቀትን ከውሃ አራት እጥፍ ያህል የተሻለ ስለሚያስተላልፍ፣ ሥጋ በሚበርድበት ጊዜ የበረደው ክፍል ቅዝቃዜውን ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ሲቀልጥ ግን በተቃራኒው ነው፤ የቀለጠው ክፍል ሙቀቱን ይዞ ያዘገየዋል። ሥጋ ለመቅለጥ ለመብረድ ከሚወስድበት ጊዜ የበለጠ የሚያስፈልገው በዚህ የተነሳ ነው። ውጤቱም መሃሉ ገና በረዶ ሳለ ውጩ ለሰዓታት መሞቁ ነው። ሰው ደግሞ የሚለካው መሃሉን ነው። «ገና አልቀለጠም» ብሎ ይተወዋል፣ በዚያው ጊዜ ጠርዙና ከጓሉ ወጣ ወጣ ያሉት ቀጫጭን ቁራጮች ከቀለጡ ቆይተዋል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የዚህ 3 ኪሎ ጓል ሰፊው ገጽ በመሃሉ በረዶ ምክንያት ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ነው፤ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ጠርዞቹ ግን ከዚያ በላይ ሄደዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከልቡ አንድ እፍኝ በረዶ ቀርቶት ይሆናል፤ ጠርዙ ወደ ክፍሉ ሙቀት ተጠግቷል፤ ከፌስታሉ ግርጌ ቀይ ውሃ ተጠራቅሟል። (ይህ ውሃ ደም አይደለም። ከሥጋው ሕዋሳት የወጣ ውሃ ሲሆን ቀለሙን የሚሰጠው የሥጋው ፕሮቲን ነው። ለባክቴሪያ ግን የተዘጋጀ ምግብ ነው።) ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ከ7 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ እያሉ ይራባሉ፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናሉ። በሰው ገላ ሙቀት ላይ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ፤ በዚህ ፍጥነት አንዱ በሁለት ሰዓት 64፣ በአራት ሰዓት ከ4,000 በላይ ይሆናል። የአዲስ አበባ ማድ ቤት እንደዚህ አያስሮጣቸውም። ዲሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ግን ክፍሉ ራሱ ለዚያ ሙቀት ይቀርባል።

የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች አደገኛ የሚሉት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ያለውን መካከል ነው። የሚበላሽ ምግብ በዚያ መካከል በድምሩ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የአካባቢው ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ ይላሉ። የእኛ ጓል አሥር ሰዓት ቆይቷል። በዚህ መለኪያ ተርፎ ፍሪዘር የሚመለሰው ቀርቶ ለጥብስ የተቆረጠውም አይመከርም።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሳው ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። በብዙ ቤት ሥጋ ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ኖሯል፣ ሰውም አልታመመም። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። መሃሉ ያለው በረዶ ላይ ላዩን ለረጅም ሰዓት ያቀዘቅዘዋል፤ ከብርድ የወጣ ባክቴሪያም ወዲያው አይራባም፣ ለማገገም ጊዜ ይወስዳል። አገሩ ደጋ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጡና ጥብሱ በደንብ ሲበስል የተራባው ይሞታል። የሁለት ሰዓቱ ገደብ ይህን ሁሉ ሳያውቁ የተደረገ አይደለም፤ ለማንኛውም ቤት፣ ለማንኛውም ሥጋ፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር፣ አዛውንትና ሕመምተኛ ላለበት ቤት ሁሉ እንዲሠራ ሆን ተብሎ ጠበቅ የተደረገ ነው።

የቅርጫ ሥጋ ግን ከዚህ ምሕረት ብዙ የሚደርሰው አይደለም። በግቢ ታርዶ፣ በቅጠል ወይም በላስቲክ ላይ ተዘርግቶ፣ በብዙ እጅና በብዙ ቢላዋ የተቆራረጠ ነው። መደቡ እኩል እንዲሆን ሲባል ትንንሽ ቁራጮች ይበዛሉ፤ ባክቴሪያ ያለው ደግሞ በተቆረጠው ገጽ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ሽንጥ ውጩ ብቻ ነው የተነካው፤ አንድ መደብ ግን መቶ ቦታ የተነካ ነው። እነዚያ ቁራጮች በአንድ ፌስታል ተጨናንቀው ሲበርዱ የተነካው ገጽ ሁሉ ጓሉ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የቅርጫ ሥጋ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም።

«ይበስል የለም እንዴ?» የሚለውም ሙሉ መልስ አይሆንም። በሰው እጅና አፍንጫ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ምግብ ላይ ተመችቶት ሲራባ መርዝ ይሠራል፤ ይህን መርዝ መፍላት አያጠፋውም። ባክቴሪያው ድስት ውስጥ ይሞታል፣ መርዙ ከወጡ ጋር ይቀርባል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ትውከትና የሆድ ቁርጠት ይመጣል። ማሽተትም አይረዳም። ሥጋን የሚያገሙትና የሚያዝለገልጉት ባክቴሪያዎችና ሰውን የሚያሳምሙት የተለያዩ ናቸው። የገማ ሥጋ መጣል አለበት፣ ያልገማ ሁሉ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

ነገሩ ከሁሉ የሚከብደው ክትፎ ላይ ነው። ክትፎ ጥሬ ወይም ለብለብ ሆኖ ይበላል፣ ስለዚህ ስህተቱን የሚያርም እሳት የለውም። ሥጋው ሲከተፍ ደግሞ ላይ ላዩ የነበረው ባክቴሪያ ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። አብርዶ ማቆየት የኮሶውን ፍርሃት ያቀልላል፤ ጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ ግን በሌላ በኩል አደጋ ይከፍታል። በዚህ መንገድ የቀለጠ ሥጋ ለክትፎ በፍጹም መዋል የለበትም።

ታዲያ እንዴት ይቅለጥ? የተሻለው ቦታ ፍሪጅ ነው፤ የሚጠይቀው ዋጋ ቀድሞ ማሰብ ብቻ ነው። 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ሥጋ ለመቅለጥ አንድ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። ያ 3 ኪሎ ጓል ለእሑድ የሚፈለግ ከሆነ አርብ ጠዋት ከፍሪዘር ወርዶ ፍሪጅ መግባት አለበት ማለት ነው። ጎድጓዳ ሳህን ወይም ትሪ ላይ ሆኖ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጣል፣ የሚንጠባጠበው ቀይ ውሃ ሰላጣ ወይም የተሠራ ወጥ ላይ እንዳይወርድ። በበዓል ሰሞን ፍሪጅ ከአፍ እስከ ገደፉ ስለሚሞላና በሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈት 4 ዲግሪን መጠበቅ ያቅተዋል፤ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ገዝቶ ውስጡ ማስቀመጥ ይህን ከግምት ያወጣዋል።

በዚህ መንገድ የቀለጠ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ከቀለጠ በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ፍሪጅ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የተፈጨ ሥጋና ዶሮ ግን ከ1 እስከ 2 ቀን ብቻ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐሳብ ቢቀየር፣ እንግዳ ቢቀር፣ ሥጋው ሳይበስል ተመልሶ ፍሪዘር ሊገባ ይችላል። ከአደገኛው መካከል ስላልገባ ደህንነቱ አልተነካም።

ጣዕሙ ግን ይነካል። ሥጋ ቀስ ብሎ ሲበርድ በውስጡ ያለው ውሃ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቶቹ የሥጋውን ሕዋሳት ይበሳሉ፤ ሲቀልጥ ውሃው በቀዳዳው ይወጣል። ክላረንስ በርድስአይ የተባለው አሜሪካዊ ከ1912 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ላብራዶር በተባለው የካናዳ ብርዳማ ምድር በኖረበት ጊዜ ያስተዋለው ይህን ነበር። ኢንዊቶች ያጠመዱት ዓሣ በዚያ ኃይለኛ ብርድ ወዲያው ደርቆ ይቀር ነበር፤ ከወራት በኋላ ሲቀልጥም እንደ ትኩስ ይጣፍጥ ነበር። ፍጥነቱ ቅንጣቶቹ ሳያድጉ ስለሚያስቀራቸው ነው። የዛሬው የፋብሪካ በረዶ ምግብ የተነሳው ከዚያ ትዝብት ነው። የቤት ፍሪዘር ግን ያ ፍጥነት የለውም። ሥጋ በቤት ፍሪዘር በበረደ በቀለጠ ቁጥር ውሃ ያጣል፤ ሁለት ጊዜ የበረደ ሥጋ ለጥብስ ይደርቃል፤ ለቀይ ወጥና ለቅቅል ግን ይሆናል።

የቅርጫ ሥጋ ሌላም ችግር አለበት፤ ብዙ ሰው ሥጋው ሲጠነክርበት በሬው አርጅቷል ብሎ በሬውን ይወቅሳል። የታረደ ከብት ጡንቻ ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይግተረተራል፤ በበሬ ይህ እስኪያልፍ እስከ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ገና ትኩስ ሳለ ፍሪዘር የገባ ሥጋ ይህን ሳይጨርስ ይበርዳል። ጠረጴዛ ላይ በቶሎ ሲቀልጥ ያቋረጠውን ይቀጥላል፤ ይኮማተራል፤ ብዙ ቀይ ውሃ ይለቃል፤ ሲበስልም እንደ ጎማ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥጋው ከቅርጫ እንደመጣ በትሪ ላይ ሳይደራረብ ተዘርግቶ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ በማግሥቱ ፍሪዘር ይግባ። ሳያድር የገባ ከሆነም በፍሪጅ ውስጥ በዝግታ ማቅለጥ ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

ፍሪጅ ውስጥ ለማቅለጥ ጊዜ ለሌለው ሰው ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ሥጋው ውሃ በማያስገባ ላስቲክ በደንብ ታስሮ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠመቃል፤ ውሃው በየ30 ደቂቃው ይቀየራል። ውሃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን በብዙ እጥፍ ስለሚያስተላልፍ ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀ ክፍል አየር ቀድሞ ያቀልጣል። ግማሽ ኪሎ አንድ ሰዓት አይሞላውም፤ አንድ ኪሎ ተኩል ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። ላስቲኩ ካፈሰሰ ባክቴሪያ ወደ ውሃውና ወደ ሳፋው ይሄዳል፣ ሥጋውም ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ተራ ፌስታል ከሆነ ደርቦ ማሰር ይሻላል። ውሃው ካልተቀየረ ቀስ በቀስ ይሞቅና ጥቅሙ ይቀራል። እንዲህ የቀለጠ ሥጋ ወዲያው ይበስላል፤ ፍሪዘር የሚመለሰው ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው። በማይክሮዌቭ የቀለጠም ሕጉ ያው ነው፣ ምክንያቱም ማይክሮዌቭ ጠርዙን ማብሰል ሲጀምር መሃሉን በረዶ ይተወዋል።

ሙቅ ውሃስ? ብዙ ሰው ሲቸኩል የሚሮጠው ወደዚያ ነው። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው የበሬ ሥጋ ቁራጭ በላስቲክ ታሽጎ 39 ዲግሪ በሆነ የሚንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ሲገባ በ11 ደቂቃ እንደቀለጠ አሳይተዋል፤ በጥራትም ፍሪጅ ውስጥ ከቀለጠው አላነሰም። ይህ የሁለት ሰዓቱን ሕግ አይሽርም፤ ይልቅ ያስረዳዋል። 11 ደቂቃ ለባክቴሪያ መባዛት አይበቃም። ያው ሙቅ ውሃ ላይ የ3 ኪሎ ጓል ቢጠመቅ ግን ላይ ላዩ ባክቴሪያ ከሁሉ በሚወደው ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ ለቀጭን ቁራጭ የሠራው ለትልቁ አይሠራም።

ሌላው መንገድ ጨርሶ አለማቅለጥ ነው። ለቅቅል ወይም ለወጥ በትንንሽ ተቆርጦ የበረደ ሥጋ በቀጥታ ከፍሪዘር ወደ ድስት ሊገባ ይችላል፤ የሚጠይቀው የጊዜውን ግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለትልቅ ጓል ይህ አይሆንም፤ ውጩ ሲበስል መሃሉ ይቀራልና።

ይህ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመልሰናል፤ ችግሩ የሚፈጠረው ሥጋው ሲቀልጥ ሳይሆን ሲበርድ ነው። 3 ኪሎ በአንድ ፌስታል መበረዱ ነው ጠረጴዛ ላይ እንዲያድር ያስገደደው። ያው ሥጋ ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ ልክ በግማሽ ግማሽ ኪሎ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ላስቲክ አየሩ ወጥቶ በእጅ ተጨፍልቆ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ቢደረግ፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎም ይቀልጣል፤ ማታ ፍሪጅ የገባው ለማግሥት ምሳ ይደርሳል። የተረፈውን መመለስ አለመመለስ የሚባል ጥያቄም አይነሳም፤ የወጣው ሁሉ ስለሚበላ። በላስቲኩ ላይ ቀኑንና የሥጋውን ዓይነት መጻፍ ከወር በኋላ የጎድኑን ከሻኛው ለመለየት ይረዳል። የዶሮም ነገር እንዲሁ ነው፤ 12 ብልቱ ወጥቶ የበረደ ዶሮ ሙሉ ሆኖ ከበረደው ዶሮ በጣም ቀድሞ ይቀልጣል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህን ሥራ በየቀኑ ይሠሩታል፤ በዚያ ከሚበላው ዶሮ ብዙው ከብራዚልና ከሌላ አገር በረዶ ሆኖ የሚገባ ነው። የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ ማቀዝቀዣ አየር የማይደርስበት ማድ ቤት ውስጥ ከ32 ዲግሪ በላይ መሆን የተለመደ ነው። እዚያ ላይ ዶሮን ጠረጴዛ ላይ ለማቆየት የተፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ ሙሉ ዶሮ አይቀልጥም። ማታ ፍሪጅ ውስጥ ማውረድ ብቸኛው መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማንም ሳያወጣው ሥጋው የሚቀልጥበት ጊዜ አለ፤ መብራት ሲጠፋ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ መደረግ ያለበት በሩን አለመክፈት ነው። ሙሉ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ የሞላው 24 ሰዓት፤ ፍሪጅ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ባዶ ቦታ ካለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ ማስገባት ፍሪዘሩ በረዶ ይዞ እንዲቆይ ያግዛል።

መብራቱ ሲመጣ ፍርዱ የሚሰጠው በጅምላ ሳይሆን ላስቲክ በላስቲክ ነው። ውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት የሚታይበት፣ ወይም በቴርሞሜትር ሲለካ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ሥጋ ተመልሶ ሊበርድ ይችላል፤ ጥራቱ ቢቀንስም። ሙሉ በሙሉ የቀለጠና ከ4 ዲግሪ በላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይጣላል። በኩላሊትና በጉበት፣ በተፈጨ ሥጋና በዶሮ ላይ ጥርጣሬ ካለ አለመመለስ ይሻላል፤ እነርሱ ከጠንካራ ጓል ሥጋ ቀድመው ይበላሻሉና። ይህ ንጽጽር የሚሠራው ግን መብራቱ መጥፋቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። ቤቱ ተዘግቶ ባለቤቱ ለበዓል ገጠር ሄዶ ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሥጋው ቀልጦ፣ መብራት ተመልሶ፣ ሥጋው ዳግም በርዶ ሊሆን ይችላል፤ ሲመለስ የሚያገኘው ድንጋይ የሆነ፣ ምንም ያልደረሰበት የሚመስል ሥጋ ነው። ለዚህ የሚያገለግል አንድ ዘዴ አለ። ከመሄድ በፊት ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ይደረግና ሲበርድ በላዩ ላይ አንድ ሳንቲም ይቀመጣል። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ፍሪዘሩ አልቀለጠም። መሃል ላይ ከገባ በከፊል ቀልጧል ማለት ነው፤ ሥጋው እየተለየ መታየት አለበት። ግርጌ ላይ ከተገኘ ውሃው ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ አብሮት የነበረው ሥጋ ሁሉ ይጣላል።